ማሙሽ እንቅልፉ ሲመጣ እንዴት እንደምታውቂና እንዴት እንደምታስተኚው (ለአዲሷ ሞግዚታችን)

[ምስል፦ ማሙሽ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ በፕላስቲክ ኩባያ ሲጫወት]

ሰላም እህቴ፣ እንዴት ነሽ። እኔና አባቱ የጻፍንልሽን ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፈነዋል፣ ግን የእንቅልፉን ነገር በወረቀት ብቻ ማስረዳት ስለከበደኝ እሱን እያየሽ እንድትሰሚኝ ብዬ ነው ይሄን ቪዲዮ የቀረጽኩት። ማሙሽ አንድ አመት ከአምስት ወሩ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይነሳል፣ ቀን የሚተኛው አንዴ ነው፣ ወደ 6 ሰዓት አካባቢ። የረፋዱን እንቅልፍ ከተወ ገና ወር አልሞላውም፣ ስለዚ አንዳንድ ቀን 6 ሰዓት ሳይደርስ ይደክመዋል፣ ሰዓቱን ሳይሆን እሱን እዪው።

[ምስል፦ ፊቱ በቅርብ]

እዚህ ጋ ቪዲዮውን አቁሚና እዪው። አላለቀሰም፣ አይኑንም አላሸም፣ ኩባያውን እንደያዘ ዝም ብሎ ግድግዳውን እያየ ነው። ቅንድቡ አካባቢ ቀላ ማለቱ ይታይሻል? የመጀመሪያው ምልክት ይሄ ነው፣ ተረጋግቶ እየተጫወተ ስለሚመስል ሰው ያልፈዋል። ከዚህ በኋላ ያለሽ 15 ደቂቃ ቢሆን ነው። ቀጥሎ ግራ ጆሮውን ይጎትታል፣ ያዛጋል፣ መነጫነጭ ከጀመረ ግን ዘግይተናል ማለት ነው። (ጆሮውን እየጎተተ ሰውነቱ ካተኮሰ ግን እንቅልፍ ላይሆን ይችላል፣ ደውዪልኝ።)

ባለፈው ማክሰኞ 5፡40 ላይ ይሄንኑ ምልክት አየሁና ምሳውን ይጨርስ ብዬ አቆየሁት። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሶፋ ላይ መዝለል፣ መሳቅ፣ ከክፍል ክፍል መሮጥ ጀመረ። እንቅልፉ የጠፋ ነው የሚመስለው እኮ፣ ግን ድካሙ ከልክ ሲያልፍበት እንደዛ ነው የሚሆነው። ለማስተኛት አንድ ሰዓት ፈጀ፣ የተኛው 35 ደቂቃ ብቻ፣ ከዛ እስከ ማታ ሲያለቅስ ዋለ። ስለዚ ምልክቱ ከምሳ በፊት ከመጣ ሁለት ሶስት ጉርሻ ስጪውና አስተኚው፣ የቀረውን ሲነሳ ይበላል።

[ምስል፦ መኝታ ክፍሉ፣ መጋረጃ ሲዘጋ]

አካሄዱ ሁሌም አንድ አይነት ቢሆን ደስ ይለናል። ዳይፐር ትቀይሪያለሽ፣ ውሃ ይጠጣል፣ መጋረጃውን አብራችሁ ትዘጋላችሁ፣ እሱ ጫፉን መያዝ ይወዳል። ከዛ እቅፍ አድርገሽው እሹሩሩ ትይዋለሽ፣ ሰውነቱ ሲላላ አይኑ ሳይከደን አልጋው ላይ ታስተኚውና እጅሽን ጀርባው ላይ ታሳርፊያለሽ። ጡጦ ይዞ እንዲተኛ አንፈልግም፣ ወተቱ አፉ ውስጥ ሲያድር ጥርሱን ያበላሸዋል።

አያቱ በአንቀልባ አዝለው ነው የሚያስተኙት፣ ቶሎ ይተኛል፣ ግን ሲወርድ ይነቃል፣ ያለቦታው ራሱን ሲያገኘው ይደነግጣል። በጣም ካስቸገረሽ እዘዪው፣ ብቻ እስኪረጋጋ ድረስ ይሁንና ሳይተኛ አውርጂው። ሲታመም ግን እንደፈለግሽ እዘዪው፣ ያኔ ህግ የለም።

[ምስል፦ የነጠላ ቁራጭ፣ ጣቶቹ መካከል]

ይቺ የእኔ ነጠላ ነበረች፣ የመሃረብ ያህል ቆርጬ ዙሪያዋን ሰፍቼዋለሁ። ጠርዟን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እያሸ ነው የሚተኛው። ሙሉ ነጠላ ወይም ሻርፕ አልጋው ውስጥ አትተዪለት፣ አንገቱ ላይ ሊጠመጠም ይችላል፣ ያሳነስኳትም ለዛ ነው። ስትታጠብ በሳሙና ብቻ፣ ሽታዋ ሲቀየር አይቀበላትም፣ ሁለተኛዋ ቁራጭ ከላይኛው መሳቢያ ውስጥ አለች።

ከተኛ ከ45 ደቂቃ በኋላ ገደማ ይገላበጣል፣ ያጉረመርማል፣ አንዳንዴ ተነስቶ ቁጭ ይላል። ተነሳ ብለሽ አታንሺው። በሩ ጋ ሆነሽ 5 ደቂቃ ጠብቂ፣ ብዙ ጊዜ ነጠላዋን ፈልጎ ያገኛትና ተመልሶ ይተኛል። እውነተኛ ለቅሶ ከሆነ ግን ወዲያው ግቢ፣ እንዲያለቅስ መተው አንፈልግም፣ መጀመሪያ እጅሽን ጀርባው ላይ አድርጊ፣ ካልሆነ አንሺው።

ደህና ከተኛ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይተኛል። 8 ሰዓት ተኩል ካለፈ መጋረጃውን ክፈቺና ቀስ ብሎ ይንቃ፣ ከዛ ካለፈ የማታው ይበላሻል። ሲነቃ ለ10 ደቂቃ ያህል ማንንም ማናገር አይፈልግም፣ ትከሻሽ ላይ ተለጥፎ ዝም ይላል፣ ምግብ ምናምን አትስጪው፣ ዝም ብለሽ እቀፊው።

አንድ የምለምንሽ ነገር፣ የተኛበትንና የተነሳበትን ሰዓት ወረቀቱ ላይ ጻፊልን። አሳንሶ የተኛ ቀን ማታ ከ1 ሰዓት ተኩል ቀድመን 1 ሰዓት ላይ እናስተኛዋለን፣ ያንን የምናውቀው ካንቺ ብቻ ነው።