ማይኤስኪውኤልን ከ5.7 ወደ 8.0 ስናሳድግ፦ ካልሆነስ በምን እንመለሳለን?

ሰላም ናችሁ፣ ከደሴ ነኝ። ዛሬ የማሳያችሁን ነገር የመረጥኩት አንዴ በደንብ ስላቃጠለኝ ነው።

[ስክሪን ላይ]

```
sudo do-release-upgrade
```

እዚሁ ደሴ፣ የአንድ ትምህርት ቤት የውጤት ሲስተም ነበር። አርብ ከሰዓት በኋላ ይቺን ትእዛዝ ሰጠኋት፣ ኡቡንቱን ከ18.04 ወደ 20.04 ለማሳደግ። ኡቡንቱው ታደሰ። ግን ማይኤስኪውኤልም አብሮት ከ5.7 ወደ 8.0 ሄደ፣ የተማሪ ካርድ የሚያትመው ገጽ ደግሞ ባዶ ሆኖ ቁጭ አለ። «ችግር የለም፣ 5.7ን መልሼ እጭናለሁ» አልኩ። አይሆንም! 8.0 ገና ሲነሳ የዳታውን ፋይሎች ወደ ራሱ አቀማመጥ ስለሚቀይራቸው፣ ከዚያ በኋላ 5.7 አይከፍታቸውም። በእጄ የነበረው ባክአፕ የአምስት ቀን ዕድሜ ነበረው። መምህራኑ የአምስት ቀን ውጤት እንደገና አስገቡ፤ እንዴት እንዳዩኝ አትጠይቁኝ።

ሌላ ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ሥራ ሲመጣ ግን መጀመሪያ ያደረግኩት ዋናውን ሰርቨር አለመንካት ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋልቦክስ ጫንኩ፣ ውስጡ ያንኑ 18.04፣ ያንኑ 5.7፣ ያንኑ የፒኤችፒ ኮድ። ዳታውም የትናንቱ እውነተኛ ዳታ ነው። አስር የውሸት ተማሪ ብታስገቡ ምንም አይነግራችሁም። የልጆች ስምና ውጤት ስላለበት ግን ላፕቶፑን ከኢንተርኔት አላገናኘሁትም፣ አፕግሬዱ ፓኬጅ ሲያወርድ ካልሆነ በቀር።

አፕግሬድ አደረግኩት። ሁለት ነገር ፈነዳ።

አንደኛው ያ ባዶ ገጽ ነው፦

```
ERROR 1064 (42000): You have an error in your SQL syntax
```

የተማሪው ደረጃ የሚቀመጥበት አምድ ስሙ `rank` ነበር። 8.0 ላይ ይህ ቃል የቋንቋው የራሱ ቃል ሆኗል፣ እንዲሁ መጻፍ አይቻልም። መድኃኒቱ ሁለት ጭረት ነው፦

```sql
SELECT name, `rank` FROM results;
```

ሁለተኛው ይባስ ነበር፣ ምክንያቱም ምንም ስህተት አይጽፍም። የተማሪዎቹ ስም በአማርኛ መሆኑ ቀርቶ `áŠ` የሚመስል ነገር ሆነ። የድሮው ሲስተም ከዳታቤዙ ጋር የሚያወራው በ`latin1` ነበር፤ ማንም ይህን ብሎ አላዘዘውም፣ የ5.7 ልማድ ስለነበር ብቻ ነው። 8.0 ደግሞ ልማዱ `utf8mb4` ነው። ኮዱ ላይ ይህን ጨመርኩ፦

```php
mysqli_set_charset($db, 'latin1');
```

ዘላቂው ነገር ሠንጠረዦቹን መቀየር ነው፣ ግን ያ ሌላ ቀን የሚሠራ ሥራ ነው። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ማስተካከያ 5.7 ላይም ይሠራል። ስለዚህ ከሳምንት በፊት ዋናው ሰርቨር ላይ ጫንኳቸው። በዚያች ሌሊት የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ እንዲሆን ነው የፈለግኩት፤ ሦስት ነገር አንድ ላይ ቀይራችሁ ቢበላሽ የቱ እንዳበላሸው አታውቁም።

አሁን መመለሻው። ክሎንዚላ በሚባል ነጻ ፕሮግራም የሰርቨሩን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩ። ከዚያ ዋናውን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ አፕግሬዱም የተደረገው ቅጂው ላይ ነው። ካልሆነ ዲስኩን መልሶ መሰካት ነው፣ 15 ደቂቃ። ሁለቱን ዲስኮች አንድ ላይ ሰክታችሁ ግን ማሽኑን አታስነሱ። መለያ ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ ሲስተሙ የቱን እንደሚያነሳ ይምታታበታል።

ሰዓቱን የወሰነልኝ ልምምዱ ነው። መገልበጡ 1 ሰዓት ከ10፣ አፕግሬዱ 1 ሰዓት ከ20፣ ፍተሻው 30 ደቂቃ ፈጀ። ተደምሮ 3 ሰዓት። እኔ የጠየቅኩት ግን 6 ሰዓት ነው፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9። ወረቀት ላይም ጻፍኩ፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ካርድ ካልታተመ፣ «አንድ ነገር ልሞክር» የለም፣ የድሮው ዲስክ ይመለሳል። መብራት መሃል ላይ ከሄደና ዩፒኤሱ ካለቀም እንደዚያው።

በነገራችን ላይ የእኛ ምሽት 3 ሰርቨሩ ላይ 21:00 ነው፣ ሌሊት 6 ደግሞ 00:00። የየዕለቱ ባክአፕ በ00:00 ይነሳ ስለነበር መሃል ላይ እንዳይገባብኝ ቀድሜ አጠፋሁት።

ሌሊት 6 ከሩብ ላይ ካርዱ በአማርኛ ታተመ። እሁድ ሁለት መምህራን መጥተው ገጾቹን አንድ በአንድ አዩ፣ ማየት ብቻ፣ ምንም ሳያስገቡ። ምክንያቱም ሰኞ ጠዋት አንድ መምህር አንዲት ውጤት ካስገባ በኋላ መሳቢያው ውስጥ ያለው ዲስክ ያቺን ውጤት አያውቃትም። ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ችግር እዚያው 8.0 ላይ ነው የሚስተካከለው።

20.04 ራሱ ነጻ ድጋፉ ስላለቀ ቀጣዩ 22.04 ነው፣ ዘሎ መሄድ ስለማይቻል ደረጃ በደረጃ። ላፕቶፑን አልመለስኩትም፣ የሚቀጥለው ልምምድ እዚያው ላይ ተጀምሯል።