ቡችላና ፓርቮ፦ የእንስሳት ሐኪሙ ለአድማጮች ጥያቄ የሰጡት መልስ

«ዶክተር፣ ቡችላዬ የእብድ ውሻ ክትባት ተወግቷል። ፓርቮ ይይዘዋል?»

ይይዘዋል። ፓርቮ አንጀትን የሚያጠቃ ሌላ በሽታ ነው፤ ክትባቱም ሌላ ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ላይ ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። የሚደጋገመው ከእናቱ ያገኘው መከላከያ የመጀመሪያውን ክትባት ሊያከሽፈው ስለሚችል ነው።

«ገና ሲጀምረው በምን ልወቅ?»

ተቅማጡ ውስጥ ደም እስክታዩ አትጠብቁ! መጀመሪያ ፍዝዝ ይላል፣ ምግብ ይተዋል፣ ሰውነቱም ይሞቃል። ከዚያ ትውከቱና ተቅማጡ ይከተላሉ። ድዱን በጣታችሁ ንኩት። መርጠብ ሲገባው የሚያጣብቅ ከሆነ ውሃ አልቆበታል ማለት ነው፤ ወደ ሐኪም።

«የ3 ወር ቡችላዬን ከትናንት ጀምሮ ያስመልሰዋል። ፍላጅል ፈጭቼ በወተት ሰጠሁት፣ ኦአርኤስም ጋትኩት። ልክ ነኝ?»

አይደለሽም እህቴ። ይህን በየሳምንቱ ነው የምሰማው። የሚያስመልስ ቡችላ አፍ ውስጥ ምንም አትጋቱ! ወደ ሳንባው ይገባና ሌላ በሽታ ትጨምሩበታላችሁ። የትል መድኃኒትም ይቅርባችሁ።

ፓርቮ ቫይረስ ነው፤ ፍላጅል አይገድለውም። ቫይረሱን ለይቶ የሚያጠፋ ክኒን እቤታችሁ የለም። ፓርቮ የሚያጠቃው ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ነው። የአንጀቱ ሽፋን ይላጣል፣ ነጭ የደም ሴል የሚሠራው መቅኔም ይጎዳል። ያኔ የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል፣ የሚመክተውም የለም። እኛ አንቲባዮቲክ በመርፌ የምንሰጠው ለዚህ ነው።

ፈሳሹን ደግሞ አስቢው። 5 ኪሎ የሚመዝን ቡችላ የክብደቱን 8 በመቶ ውሃ ቢያጣ 400 ሚሊ ሊትር ጎድሎበታል። ለቀኑ ደግሞ ወደ 300 ይፈልጋል። በዚያ ላይ የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው አለ። ይህን ሁሉ በማንኪያ ልትሞዪው ነው? በደም ሥሩ ነው የሚገባው፤ ከማስመለሻ ማቆሚያ ጋር። ትውከቱ ሲገታ ትንሽ ትንሽ ለስላሳ ምግብ እናስጀምረዋለን። በጊዜ የመጡት አብዛኞቹ ይድናሉ። አሁኑኑ ይዘሽው ሂጂ።

«ልጆቼን ይይዛቸዋል?»

አይይዛቸውም። በጫማቸው ግን ለጎረቤት ቡችላ ያደርሱታል።

«ቡችላዬ በፓርቮ ሞተብኝ። ግቢውን በሳሙናና በአልኮል አጥቤዋለሁ። ሌላ ላምጣ?»

አይሆንም ወንድሜ። ሳሙናና አልኮል የሚያጠፉት የስብ ሽፋን ያላቸውን ቫይረሶች ነው፤ ሽፋኑን ያሟሙታል። ፓርቮ ይህ ሽፋን የለውም። ጠንካራ የፕሮቲን ቅርፊት ብቻ ነው። ጥላና እርጥበት ባለበት አፈር ውስጥ፣ ፀሐይ ካልነካው፣ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል።

ሲሚንቶውን በበረኪና ማዳን ይቻላል። መጀመሪያ ዓይነ ምድሩን ሙልጭ አድርገህ አንሳ። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠህ አፍስስና 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። አፈር ላይ ግን ገንዘብህን አታፍስስ፤ በረኪናው ቫይረሱ ጋ ሳይደርስ በቆሻሻው ይደክማል። ፀሐይ እንዲገባ የጓሮውን ቁጥቋጦ መልምለው።

አሁን ማምጣት ካለብህ ክትባቱን የጨረሰ ትልቅ ውሻ አምጣ። ቡችላ ከሆነ ግን የ16ኛ ሳምንቱን ክትባት ወስዶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ያንን አፈር እንዳይረግጥ።