38 ብቻውን መልስ አይደለም

የተከበራችሁ የሒሳብ መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ!

ሐዋሳ ተሰብስበን ስለ ቀሪ ስንነጋገር ከአሞራ ገደል መጀመር ይሻላል። አንድ ዓሣ ሻጭ ቆሮሶውን ሰባት ሰባት አድርጎ ሲያስር 3 ይተርፈዋል። ፈትቶ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሲያስረው ደግሞ 5። ዓሣው ስንት ነው?

ለዚህ ጥያቄ ቀመር በቃል እናስይዛለን። ልጁ ቀመሩን ይጽፋል፣ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ የኛ ነው!

እስቲ ያለ ቀመር እንሂድ። በ7 ተካፍሎ 3 የሚተርፈው ቁጥር ሁሉ 3 + 7k ነው፤ k የእስሩ ብዛት ነው። ይኸው ቁጥር በ11 ሲካፈል 5 እንዲተርፈው 7k ብቻውን 2 መተው አለበት። አሁን 7ን ከ k ላይ ማንሣት ነው የቀረን። 2ን ለ7 ብናካፍል ሙሉ ቁጥር አይወጣም፤ ስለዚህ 7 በስንት ሲባዛ በ11 ተካፍሎ 1 እንደሚተርፈው እንፈልጋለን። በ8 ነው፤ 56 ማለት 55 እና 1 ነዋ። 2ንም በ8 ስናባዛ 16፣ ከዚያ 11 ሲነሣለት 5። እንግዲህ k 5 ሆነ፣ ዓሣውም 3 + 35 = 38።

ልጁ እዚህ ላይ ብዕሩን ካስቀመጠ ሙሉ ነጥብ አትስጡት! 115ም፣ 192ም እነዚያኑ ቀሪዎች ይተዋሉ። እንዲህ ያሉ ሁለት ቁጥሮች ሲቀናነሱ ልዩነታቸው ለ7ም ለ11ም ያለ ቀሪ ይካፈላል። 7 እና 11 ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ልዩነቱ የግድ የ77 ብዜት ነው። መልሱ 38 + 77n ነው፤ n ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ።

ቀመሩን የሚወድ ይጠቀምበት፣ አልከለክልም። 3 × 11 × 2 እና 5 × 7 × 8 ሲደመሩ 346 ይሆናል፤ 308 ሲቀነስለት ያው 38። 2 የተገኘው 11 × 2 = 22 በ7 ሲካፈል 1 ስለሚተርፈው ነው። ልጆቻችን የሚሳሳቱት የትኛው ቀሪ ከየትኛው ጋር እንደሚባዛ ሲያምታቱ ነው፤ 3 × 7 × 8 + 5 × 11 × 2 ብለው 278፣ ከዚያ 47 ያወጣሉ። 47ን ለ7 ስታካፍሉት 5፣ ለ11 ስታካፍሉት 3 ይተርፋል። ቀሪዎቹ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው፤ ስሕተቱ ራሱን አጋለጠ። ሁለት ማካፈል ብቻ የሚጠይቀውን ይህን ማረጋገጫ በፈተና ወረቀት ላይ ለምን አናስገድድም?

አካፋዮቹ 4 እና 6 ቢሆኑ ነገሩ ሌላ ነው። በ4 ቀሪው 1፣ በ6 ቀሪው 2 ከተባለ ቁጥሩ ጎዶሎም ሙሉም ሊሆን ነው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። በ4 ቀሪው 1፣ በ6 ቀሪው 3 ከሆነ ግን 9 አለ፤ የሚደጋገመውም በ24 ሳይሆን በ12 ነው።

ወደ ዓሣችን ስንመለስ፣ ሻጩ «ሰማንያ አይሞላም» ካለ 38 ነው። «ከመቶ በላይ ነው» ካለ ግን 115 ብላችሁ አትቸኩሉ፤ 192 አለመሙላቱን ጠይቁት።