ሁለት መቶ ኦም

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ስለ አንድ ቁጥር ነው።

ሬዚስተር፣ ኢንዳክተርና ካፓሲተር በሲሪስ ተያይዘው ድንገት 5 ቮልት ሲለቀቅባቸው፣ የካፓሲተሩ ቮልቴጅ እንዴት 5 ላይ ይደርሳል? ወይ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ይህ ኦቨርዳምፕድ ነው። ወይ 5ን አልፎ ይሄድና እየተወዛወዘ ይረጋጋል፤ ይህ አንደርዳምፕድ ነው። በሁለቱ ድንበር ላይ ክሪቲካሊ ዳምፕድ አለ።

ላብ ውስጥ የማያቸው ተማሪዎች የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽኑን ከሀ እስከ ፐ ይፈታሉ። አንድ ገጽ ይሞላል። መልሱ ግን ገና ሳይጀመር ይታወቃል። ካራክተሪስቲክ ኢኩዌሽኑ ይህ ነው፦

s² + (R/L)s + 1/(LC) = 0

ሁለተኛ ዲግሪ ስለሆነ፣ ጉዳዩን የሚወስነው ስኩዌር ሩቱ ውስጥ ያለው ነገር ነው። እሱ ዜሮ የሚሆነው R ልክ 2√(L/C) ሲሆን ነው። ከዚያ ከበለጠ ኦቨርዳምፕድ፣ ካነሰ አንደርዳምፕድ። አለቀ።

በቁጥር እንየው። ኢንዳክተሩ 10 ሚሊሄንሪ፣ ካፓሲተሩ 1 ማይክሮፋራድ ይሁን። L ለ C ሲካፈል 10,000 ይመጣል። ስኩዌር ሩቱ 100፣ እጥፉ 200። ስለዚህ ድንበሩ 200 ኦም ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ጋር ይነጻጸራል።

1,000 ኦም ብናስገባ ከድንበሩ በአምስት እጥፍ ይበልጣል። ቮልቴጁ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ በሆነ ታይም ኮንስታንት ይጎተታል። ይህ RC ብቻውን ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ኢንዳክተሩ ያለም አይመስል።

40 ኦም ብናስገባስ? 40 ለ200፣ 0.2። ይህ ዳምፒንግ ሬሾው ነው። በዚህ ሬሾ ቮልቴጁ 5ን በ53 ፐርሰንት አልፎ፣ በ0.32 ሚሊሰከንድ 7.6 ቮልት ላይ ይደርሳል። ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው።

ቦርድ ላይ ሲሠራ ግን ኦሲሎስኮፑ 5.5 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ያኔ «ቲቸር፣ ካፓሲተሩ ሳይበላሽ አይቀርም» ይመጣል። ምስኪኑ ካፓሲተር ምንም አላደረገ! ችግሩ R የተባለው ነገር ነው። ቀመሩ የሚጠይቀው በእጃችን የሰካነውን ሬዚስተር ሳይሆን፣ ከረንቱ በመንገዱ የሚያገኘውን ተቃውሞ በሙሉ ነው። ፈንክሽን ጄኔሬተሩ ውስጡ 50 ኦም አለው፤ ብዙ ጊዜ መውጫው አጠገብ ተጽፏል። የኢንዳክተሩ ሽቦም የራሱ አለው፤ በማልቲሜትር ብትለኩት፣ 30 ኦም አነበበ እንበል። ከ40ው ጋር ሲደመር 120 ሆነ። 120 ለ200፣ 0.6። በ0.6 ደግሞ ቮልቴጁ 5ን የሚያልፈው በ9.5 ፐርሰንት ብቻ ነው። 5.5 ቮልት ከዚህ መጣ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማልቲሜትር የሚለካው የዲሲውን ተቃውሞ ብቻ ነው። ኢንዳክተሩ የብረት ወይም የፌራይት ኮር ካለው፣ ሲወዛወዝ ኮሩም ኃይል ይበላል። ስለዚህ ስኮፑ ላይ የሚታየው ውዝዋዜ ከሰላችሁት ትንሽ አንሶ ቢገኝ አትደንግጡ።

ስለ ክሪቲካሊ ዳምፕድም አንድ ቅሬታ አለኝ። «ፈጣኑ እሱ ነው» እየተባለ በቃል ይሸመደዳል። ሳያልፍ ከሚደርሱት ውስጥ ፈጣኑ እሱ ነው፤ እውነት ነው። ግን ትንሽ ማለፍ ከተፈቀደስ? በኛ ሰርኪት ጠቅላላው R 200 ሲሆን፣ ቮልቴጁ ከ5 በ2 ፐርሰንት ክልል ውስጥ ለመግባት 0.58 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። 160 ሲሆን በ0.38 ይገባል፣ የሚያልፈውም በ1.5 ፐርሰንት ብቻ ስለሆነ ከክልሉ አይወጣም። ደግሞስ ድንበሩ ላይ በትክክል ማን ይቆማል? ካፓሲተሩ 10 ፐርሰንት ቢዛነፍ ድንበሩ ራሱ 10 ኦም ያህል ይንቀሳቀሳል።

ወደ 40 ኦማችን እንመለስ። ያንን 53 ፐርሰንት ስኮፑ ላይ ማየት የፈለገ ሰው ምን ያድርግ? ሬዚስተሩን ነቅሎ ቢጥለው እንኳ 80 ኦም መንገዱ ላይ አለ፤ ከ25 ፐርሰንት ብዙም አያልፍም። R ከዚህ በታች ካልወረደ ድንበሩን ወደ ላይ መግፋት ነው። ካፓሲተሩን በ0.1 ማይክሮፋራድ ቀይሩት። ድንበሩ ወደ 632 ኦም ይወጣል። ያው 120 ኦም አሁን ሬሾው 0.19 ሆነ፤ ቮልቴጁም 5ን ከግማሽ በላይ ያልፋል። ውዝዋዜው ግን ከበፊቱ ፈጣን ነው፣ 5 ኪሎኸርዝ አካባቢ። የስኮፑን ታይም ቤዝ ማሳጠር አትርሱ፣ አለዚያ ተጨፍልቆ ይታያችኋል።