አለቃ በአንድ ደቂቃ የሚረዳው የሳምንት ሪፖርት

የተከበራችሁ የፕሮጀክት አስተባባሪዎችና የቡድን መሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የምናገረው ዓርብ ዓርብ ስለምትልኩት ሪፖርት ነው። ሰኞ ጠዋት የማኔጅመንት ስብሰባ ያለበት ሥራ አስኪያጅ ከየክፍሉ የመጣለትን ሪፖርት የሚያየው ብዙ ጊዜ በስልኩ ነው፤ መኪና ውስጥ ሆኖ፣ ወይም ወደ አዳራሹ ሲገባ። ስለዚህ ስልኩ ሲከፈት በመጀመሪያ ያልታየውን ነገር እንዳልተነበበ ቁጠሩት። እሱ የሚፈልገው የሦስት ጥያቄ መልስ ነው። ሥራው በሰዓቱ ያልቃል ወይ? ምን ሊያደናቅፈው ይችላል? ከእኔ የሚጠበቅ ነገር አለ ወይ?

የእኛ ሪፖርት ግን በአብዛኛው የሚጀምረው ከተደረጉ ስብሰባዎች ነው። «ከአቅራቢው ጋር ውይይት ተካሂዷል፤ ደብዳቤ ተጽፏል፤ ክትትል እየተደረገ ይገኛል» ይልና መጨረሻው ላይ «የበላይ አመራሩ አቅጣጫ እንዲሰጥበት እንጠይቃለን» ብሎ ይዘጋል። አለቃው ምን እንደተጠየቀ አያውቅም። ምን አማራጭ እንዳለ፣ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ፣ እስከ መቼ መልስ መስጠት እንዳለበት አልተነገረውም። ስለዚህ «በስብሰባ እንነጋገርበታለን» ይላል፤ አንድ ሳምንትም እንዲሁ ያልፋል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንድ ባንክ በ12 ቅርንጫፎቹ ጄኔሬተር እያስተከለ ነው እንበል። ኤቲኤስ የሚባለው፣ መብራት ሲጠፋ መስመሩን ወደ ጄኔሬተር የሚያሻግረው መቀየሪያ፣ ለአራት ቅርንጫፎች የሚሆነው ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሷል። ነገር ግን የዕቃው የመነሻ አገር ሰርተፊኬት ዋናው ቅጂ ስላልመጣ መውጣት አልቻለም። ቡድኑ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓርብ የሚልከው ሪፖርት እንዲህ ቢሆን ደግ ነው፦

«ሁኔታ፦ ቢጫ። በዕቅዱ ታኅሣሥ 10 ያልቅ ነበር፤ አሁን ባለው ሁኔታ ጥር 1 ያልቃል።

ውሳኔ፦ አራት መቀየሪያ ከአገር ውስጥ እንዲገዛ የፋይናንስ ምክትል ሥራ አስኪያጁ እስከ ሐሙስ ኅዳር 11 ይፍቀዱልን። ተጨማሪ ወጪው 150 ሺህ ብር ነው። ካልተፈቀደ ሥራው ሦስት ሳምንት ይዘገያል፤ ለጄኔሬተር ኪራይም 180 ሺህ ብር ይወጣል። ግዢውን እንመክራለን።

የተሠራ፦ ሰባት ቅርንጫፎች በራሳቸው ጄኔሬተር እየሠሩ ነው፤ በዕቅዱ ስምንት መሆን ነበረባቸው።

ስጋት፦ የሁለት ቅርንጫፎች ሕንፃ አከራዮች ጄኔሬተሩ የሚቆምበትን ቦታ በጽሑፍ አልፈቀዱም። እስከ ኅዳር 20 ካልፈቀዱ በእነዚያ ቦታዎች ተከላ አይጀመርም። የሚከታተለው የንብረት ክፍል ኃላፊው ነው።»

ይህ ሁሉ መቶ ቃል እንኳን አይሞላም፤ በዝግታ ቢነበብም ከደቂቃ አያልፍም። የቀረው ዝርዝር፣ የደብዳቤ ቁጥሩም ሆነ የክፍያ ሰንጠረዡ፣ አባሪ ሆኖ ይሂድ።

ከሁሉ በላይ የሚያስለፋው የውሳኔው መስመር ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ። አምስት ነገር ይዟል፦ ምን እንደሚወሰን፣ ማን እንደሚወስን፣ እስከ መቼ፣ ባይወሰን ምን እንደሚያስከትል፣ ቡድኑ ራሱ የትኛውን እንደሚመርጥ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ቀኑ ነው፤ ቢኖርም ምክንያት የለውም። «በአስቸኳይ» የሚለው ቃል በየሪፖርቱ ስላለ ማንንም አያስቸኩልም። እዚህ ግን ሐሙስ የተባለው የአገር ውስጥ ሻጩ ፕሮፎርማ ጸንቶ የሚቆየው እስከዚያ ቀን ስለሆነ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዋጋው ይለወጣል። የኪራዩም ሂሳብ ቢጠየቅ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር መሆን አለበት፦ አራት ቅርንጫፍ፣ ለእያንዳንዱ በሳምንት 15 ሺህ ብር፣ ለሦስት ሳምንት። አለቃው 150 ሺህን ከ180 ሺህ ጋር ጎን ለጎን ሲያይ ተጨማሪ ስብሰባ አያስፈልገውም። ቀጥሎ «ሞጆ ያለውስ ዕቃ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቁ ስለማይቀር፣ አቅራቢው ያላስረከበውን ከውሉ ዋጋ እንደሚቀንስ በጽሑፍ ማረጋገጡን አባሪው ላይ አስቀምጡ። ገና ካላረጋገጠ ሪፖርቱን ከመላካችሁ በፊት ጠይቁት፤ ያለዚያ የ150 ሺህ ብሩ ስሌት አይቆምም።

በሳምንቱ የሚወሰን ነገር ከሌለም መስመሩን አታጥፉት። «ውሳኔ፦ የለም» ብላችሁ ጻፉ። አለቃው ፈልጎ ማጣቱንና አለመኖሩን መለየት አለበት።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ ቀለም የሚሠራው ትርጉሙ ፕሮጀክቱ ሲጀመር በቁጥር ከተስማማችሁበት ብቻ ነው። ለምሳሌ መዘግየቱ ከአንድ ሳምንት በታች ከሆነ አረንጓዴ፣ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ቢጫ፣ ከዚያ በላይ ቀይ ይሁን። ለበጀቱም እንደዚሁ ወሰን አብጁለት። እንዲህ ካልሆነ አስተባባሪው እንደ ስሜቱ ይቀባል፤ ማንም ደግሞ ቀይ ይዞ መቅረብ አይወድም። በሙያው ሐብሐብ የሚሉት ሪፖርት የሚወለደው እዚህ ነው፤ ውጪው አረንጓዴ፣ ሲቆርጡት ቀይ። የሚታወቅበት ምልክት አለው፦ ቀለሙ ለሳምንታት አረንጓዴ እንደሆነ የማለቂያው ቀን ግን በየጊዜው ይገፋል። ለዚህ ነው በመጀመሪያው መስመር ሁለት ቀን የጻፍነው። የመጀመሪያውን ዕቅድ ቀን አጥፍታችሁ በአዲሱ ከተካችሁት መዘግየቱ ከዓይን ይጠፋል።

የውጭ አቅራቢ ሲኖር ደግሞ ቀኑ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ተጠንቀቁ። አቅራቢው በእነሱ አቆጣጠር የሰጣችሁን ቀን ወደ እኛው ሳትመልሱ ቀላቅላችሁ ከጻፋችሁ፣ አንባቢው ከሳምንት በላይ ሊሳሳት ይችላል።

የተሠራውን በመቶኛ መግለጽም አይበጅም። «90 በመቶ ደርሷል» የሚል ሥራ ለወር ያህል እዚያው 90 ላይ ሲቆም ታያላችሁ፤ ቁጥሩ የተገኘው በግምት ነውና። ሰባት ቅርንጫፍ ግን ይቆጠራል። የሚቆጠረውም ምን ሲሟላ እንደሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ። ጄኔሬተሩ መሠረቱ ላይ ስለተቀመጠ ቅርንጫፉ አልተቆጠረም፤ የሚቆጠረው መስመሩ ተቋርጦ ሲሞከር ጄኔሬተሩ ራሱ ተነስቶ ጭነቱን ሲይዝ ነው። ከዕቅዱ ጋርም አነጻጽሩት፤ «ሰባት» ብቻውን ደስ ይበለን ወይስ እንስጋ አይነግረንም።

ስጋትና ችግርንም አትቀላቅሉ። ሞጆ የቆመው ዕቃ ችግር ነው፤ ደርሷል፣ ውሳኔ ይፈልጋል። የአከራዮቹ ፈቃድ ስጋት ነው፤ ገና አልደረሰም፣ የሚከታተለው ሰውና ቀን ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላይ የደረደረ ሪፖርት አለቃውን ገና ባልመጣው ላይ ሲያነጋግረው ይውላል፣ የመጣው ሳይወሰን ይቀራል። ስጋት ከሦስት አይብለጥ፤ ሌላው የቡድኑ መዝገብ ላይ ይቆይ።

ሲላክ በኢሜይል ከሆነ ርዕሱ «የሳምንት ሪፖርት ቁጥር 14» አይሁን። «ውሳኔ እስከ ሐሙስ ኅዳር 11፦ አራት መቀየሪያ መግዛት» ይሁን። በቴሌግራም ከሆነ ጽሑፉን ራሱን ላኩ፤ ፋይል ብቻ ከላካችሁ ሳይከፈት ሊያድር ይችላል።

ረቡዕ ድረስ መልስ ካልመጣ ደውሉ፤ የሚቀጥለውን ዓርብ አትጠብቁ። ሐሙስ ካለፈ ደግሞ ያንኑ መስመር ገልብጣችሁ አትላኩ። ከሻጩ አዲስ ፕሮፎርማ ውሰዱ፣ የተጨመረውን ዋጋና የኪራዩን ሂሳብ አስተካክሉ፣ ጥያቄው መጀመሪያ የቀረበበትንም ቀን ጻፉ።

አሁን ያመጣችሁትን የባለፈውን ሳምንት ሪፖርት አውጡና የውሳኔውን መስመር አብረን እንጻፍ።