ከማስታወቂያው በፊት የትኞቹን ቀናት እንውሰድ?
በሐዋሳ ለፋይናንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለባንክ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ከየባንኩ የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፣

በእጄ የሚገቡ የመመረቂያ ጥናት ንድፎች ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ቃል ሳይጎድልበት ይመላለሳል፤ «የግምት መስኮቱ 250 የግብይት ቀናት ነው» ይላል። ለምን 250? መልስ የለም። ቀድሞ የጻፈው ሰው ስላደረገው ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህች ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

የሁነት ጥናት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁና አላረዝመውም። አንድ ማስታወቂያ የአክሲዮኑን ዋጋ ምን ያህል እንዳንቀሳቀሰ ለማወቅ፣ ማስታወቂያው ባይኖር ኖሮ ዋጋው ምን ይሆን እንደነበር መገመት አለብን። ግምቱን የምንሠራው ቀደም ካሉ ቀናት ነው፤ የግምት መስኮት የምንለው እነዚህን ነው። በእነዚያ ቀናት የአክሲዮኑን ተመላሽ ከገበያው ተመላሽ ጋር አነጻጽረን አልፋና ቤታን እናወጣለን፤ ከዚያ በማስታወቂያው ሰሞን፣ ማለትም በሁነት መስኮቱ፣ ከታየው ተመላሽ ላይ ግምቱን እንቀንሳለን። የተረፈው ያልተለመደው ተመላሽ ነው። እንግዲህ «የተለመደ» የምንለው ነገር ሁሉ የሚመጣው ከመረጥናቸው ቀናት ነው። እዚህ አሞራ ገደል አንድ አዲስ ደንብ የዓሣ ዋጋን ምን ያህል እንዳስወደደ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ የተለመደውን ዋጋ ዓሣ ፈላጊው ከሚበዛበት የሁዳዴ ጾም ሳምንታት ቢወስድ ደንቡ ምንም እንዳላደረገ ሊነግረን ይችላል። ስሌቱ ትክክል ሆኖ መልሱ ይሳሳታል።

አንድ እውነተኛ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። የኬንያ ፕሬዚዳንት እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 2016 የባንክ ሕግ ማሻሻያውን ፈረሙ። ሕጉ ባንኮች የሚያበድሩበት ወለድ ከማዕከላዊ ባንኩ መነሻ ተመን ከ4 መቶኛ ነጥብ በላይ እንዳይርቅ አገደ። በማግስቱ በናይሮቢ ገበያ የባንክ አክሲዮኖች ክፉኛ ወደቁ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ሕጉ የባንኮቹን ዋጋ ስንት አጠፋ?

በመጀመሪያ ዜሮ ቀን የቱ ነው? ፊርማው የወጣው 24 ላይ ቢሆንም የዋጋው መልስ የታየው በ25 ነው፤ ስለዚህ የእኔ ዜሮ ቀን 25 ነው። ናይሮቢ ደግሞ አንድ አክሲዮን በአንድ ቀን ከ10 በመቶ በላይ እንዳይንቀሳቀስ ገደብ አለው። ገደቡን የነካ አክሲዮን መውደቁን ያልጨረሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሁነት መስኮቴን ከዜሮ እስከ አራተኛው ቀን፣ አምስት ቀን አደርገዋለሁ።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። የግምት መስኮቱን እስከ ኦገስት 24 ድረስ ማድረስ የሚፈትን ነገር ነው፤ ቅርብ የሆነ መረጃ የተሻለ ይመስላልና። ነገር ግን ፓርላማው ረቂቁን ያጸደቀው በጁላይ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ወደ 18 የሚጠጉ የግብይት ቀናት ገበያው «ፕሬዚዳንቱ ይፈርማሉ ወይስ ይመልሱታል?» እያለ ሲገምት ነበር። ያ ሰሞን የተለመደ ሰሞን አይደለም፤ የሁነቱ አንድ ክፍል ነው።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። ቁጥሩ ለማስረጃ ሳይሆን ለምሳሌ ያህል የማቀርበው ነው። አንድ ባንክ በእነዚያ 18 ቀናት ከገበያው በ6 በመቶ ወደ ኋላ ቀረ እንበል። አጥኚው እስከ ዋዜማው የሚደርስ የ60 ቀን መስኮት ከወሰደ ያ 6 በመቶ ለ60 ቀናት ይከፋፈልና አልፋው በቀን 0.1 በመቶ ዝቅ ይላል። ሞዴሉ አሁን «ይህ አክሲዮን በየቀኑ 0.1 በመቶ መውረድ ልማዱ ነው» ብሎ ያምናል። በአምስት ቀን የሁነት መስኮት ከእውነተኛው ውድቀት ግማሽ መቶኛ ነጥብ ይሰወራል። መስኮቱን 41 ቀን ያደረገ ሰው ግን 4.1 መቶኛ ነጥብ ያጣል። ያው ስሕተት በአጭር መስኮት ያሳክካል፤ በረጅሙ ግኝቱን ይበላል። ስለዚህ በግምት መስኮቱና በሁነት መስኮቱ መካከል ባዶ ሰሞን እንተዋለን፤ ለኬንያው ጉዳይ የግምት መስኮቱ ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት መዘጋት አለበት። ይህ አዲስ ጥንቃቄ አይደለም። በ1969 ፋማ፣ ፊሸር፣ ጄንሰንና ሮል አንድን አክሲዮን ወደ ብዙ ስለመከፋፈል ባሳተሙት ታዋቂ ጥናት ከክፍፍሉ በፊት ያሉትን 15 ወራት ከግምቱ አስወጥተዋቸዋል፤ ክፍፍል የሚያውጁት ዋጋቸው ሲጨምር የቆየ ኩባንያዎች ናቸውና።

መዝጊያውን አገኘን። መጀመሪያውስ? ከጁላይ 2016 መጨረሻ 250 የግብይት ቀናት ወደ ኋላ ብንቆጥር ጁላይ 2015 ላይ እናርፋለን። በዚህ መሀል ምን ነበር? በኦክቶበር 2015 ኢምፔሪያል ባንክ በሞግዚት አስተዳደር ሥር ገባ። በኤፕሪል 2016 ደግሞ ቼዝ ባንክ ተከተለው። ሁለቱም የባንክ ዘርፉን በተለይ የሚነኩ ድንጋጤዎች ናቸው፤ የገበያው ተመላሽ አይወስዳቸውም፣ ሞዴሉ ሊያስረዳው ባልቻለው ቀሪ፣ በስሕተቱ ውስጥ ይቀራሉ። ውጤቱ የስሕተቱ መደበኛ ልይይት ማበጥ ነው፤ መለኪያው ሲያብጥ እውነተኛ ውድቀት ከተራ መዋዠቅ ሳይለይ ይቀራል። 250ን በጭፍን የወሰደ ሰው ሁለት የባንክ ቀውሶችን «የተለመደ» ብሎ መዝግቧል ማለት ነው።

መስኮቱን 60 ቀን ብናደርገው መነሻው ሜይ 2016 አካባቢ ይሆናል፤ ሁለቱም ድንጋጤዎች ውጭ ይቀራሉ። ዋጋው ምንድን ነው? ጥቂት ቀናት ማለት አልፋን በደካማ መገመት ነው። አልፋ ላይ ያለው ስሕተት በየቀኑ በአንድ አቅጣጫ ስለሚደመር፣ የድምሩ ልይይት በግምት እንዲህ ይሆናል፦ የሁነት ቀናት ብዛት፣ ሲደመር የዚያው ብዛት ካሬ ለግምት ቀናት ብዛት ተካፍሎ፣ ሁሉም በዕለታዊው የስሕተት መደበኛ ልይይት ካሬ ተባዝቶ። ለአምስት ቀን መስኮትና ለ60 የግምት ቀናት 5 ሲደመር 25 ለ60 ይሆናል፤ መደበኛ ስሕተቱ ወደ 4 በመቶ ይጨምራል። በ250 የግምት ቀናት ጭማሪው 1 በመቶ ነው። ልዩነቱ ኢምንት ነው! የሁነት መስኮቱ 41 ቀን ቢሆን ግን በ60 ቀን ግምት ጭማሪው 30 በመቶ ሲደርስ በ250 ደግሞ 8 በመቶ ይሆናል። እንግዲህ «ስንት ቀን?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው መልስ የለውም። የሁነት መስኮታችሁ አጭር ከሆነ አጭርና ንጹሕ የግምት መስኮት መውሰድ ርካሽ ነው፤ ረጅም ከሆነ አይደለም። በኬንያው ጉዳይ እኔ የምመርጠው 60ውን ነው፤ የ250ውን ውጤት ግን በጎኑ አሳያለሁ።

የመረጥነው መስኮት ንጹሕ መሆኑን በምን እናውቃለን? ሁለት ነገር አድርጉ። በመጀመሪያ፣ በግምት መስኮቱ ውስጥ ያሉትን ስሕተቶች በቀን ቅደም ተከተል እየደመራችሁ ሳሉት። መስመሩ ከዜሮ ተነሥቶ በስሌቱ ጠባይ ዜሮ ላይ ያበቃል፤ የምታዩት መሀሉን ነው። ግልጽ ጉብታ ወይም ጉድጓድ ካለ በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ተለውጧል፤ ጋዜጣ ገልጣችሁ ፈልጉት። ሁለተኛ፣ በመስኮቱ ውስጥ ምንም ያልተሰማባቸውን ቀናት በዕጣ መርጣችሁ እንደ ሁነት ፈትኗቸው። በ5 በመቶ ደረጃ ከመቶው ወደ አምስቱ ብቻ «ጉልህ» መሆን ሲገባው ሃያ ከሆነ ፈተናችሁ የሚያየው የሌለ ነገር ነው።

ስለ ገበያው መለኪያም አንድ ነገር ልበል፤ በእኛ አካባቢ ገበያዎች ከመስኮቱ ባልተናነሰ ያስቸግራልና። አሁንም ለምሳሌ፣ ባንኮች የኢንዴክሱን ሲሶ ቢይዙና በዚያ ቀን 9 በመቶ ቢወድቁ፣ ሌላው አክሲዮን ሁሉ ባይነቃነቅ እንኳ ኢንዴክሱ 3 በመቶ ይወርዳል። ቤታው 1.1 የሆነ፣ 9.5 በመቶ የወደቀ ባንክ ስትይዙ ሞዴሉ «3.3ቱ የገበያው ነው» ብሎ 6.2 ብቻ ያስቀርላችኋል። የወረደው ገበያ ግን ባንኮቹ ራሳቸው ናቸው። መፍትሔው አሰልቺ ቢሆንም ቀላል ነው፤ ባንኮችን ያስወጣ ኢንዴክስ ራሳችሁ ሥሩ፣ ቤታውንም በእርሱ ገምቱ። ሁሉም ባንኮች በአንድ ቀን ስለተመቱም እያንዳንዳቸውን እንደ ነጻ ምስክር አትቁጠሩ፤ በአንድ ጥቅል አድርጋችሁ የጥቅሉን የራሱን የስሕተት ልይይት ተጠቀሙ። ይህን የዘለለ ጥናት ብዙውን ጊዜ ከሚገባው በላይ ኮከብ የበዛበት ሠንጠረዥ ይዞ ይመጣል።

ወደ አገራችን ስመጣ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ቀድሞ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። በእንዲህ ያለ ወጣት ገበያ የቀን ብዛት ከመቁጠራችሁ በፊት ግብይት የተፈጸመባቸውን ቀናት ቁጠሩ። 120 ቀናት ወስዳችሁ በ80ው ላይ ዋጋው ያልተነቃነቀው የገዛም የሸጠም ስለሌለ ከሆነ፣ ያላችሁ 120 ምልከታ አይደለም። ቤታውም ከእውነቱ በታች ይወጣል፤ ገበያው ዛሬ የሰማውን አክሲዮኑ ከሦስት ቀን በኋላ ነውና የሚያሳየው። ከአንድ ግብይት እስከ ቀጣዩ ያለውን ተመላሽ አስሉ፤ የገበያውንም በዚያው ርዝመት ለኩ። በዚህ ሁሉ ላይ በቂ ግብይት ካልተገኘ አልፋና ቤታ መገመቱን ትታችሁ ከአክሲዮኑ ተመላሽ ላይ የገበያውን ብቻ ቀንሱ፤ ሻካራ ነው፣ ነገር ግን ሻካራነቱን አይደብቅም።

በመጨረሻም የእኛ ብቻ የሆነች ወጥመድ አለች። ማስታወቂያው በኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር ይወጣል፣ የዋጋው ፋይል በአውሮፓውያኑ ይመጣል። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ አዲስ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ስለሚውል፣ ከመስከረም እስከ የካቲት አጋማሽ በላይ ያሉ ቀናት ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋሉ። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኗል። በዘወትሩ ሠንጠረዥ የቀየረ ሰው ዜሮ ቀኑን በዋዜማው ላይ ያስቀምጣል፤ በአንድ ቀን መስኮት የሠራ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩን በሙሉ ያጣዋል። ማስታወቂያው የወጣበትን የሳምንት ቀን ከፋይሉ ጋር አስተያዩ፤ ማክሰኞ የወጣው ሰኞ ላይ ከተቀመጠ ገና ከመጀመሪያው ታገኙታላችሁ።

አመሰግናለሁ። ንድፋችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ከዕረፍቱ በኋላ እዚሁ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ከመስኮቶቻችሁ መዝጊያ ቀን እንጀምራለን።