ኤንፒቪ እና አይአርአር ሲጋጩ የትኛውን ፕሮጀክት እንምረጥ?

[ስክሪን፦ ትንሽና ትልቅ የዳቦ መጋገሪያ ጎን ለጎን። መሐላቸው «ወይም» የሚል ቃል።]

አንድ ዳቦ ቤት አዲስ መጋገሪያ ሊገዛ ነው። ቦታው ከአንድ በላይ አያስገባም፤ ስለዚህ አንዱ ከተገዛ ሌላው ይቀራል። ትንሹ መጋገሪያ 400,000 ብር ያስወጣል፣ ለሦስት ዓመት በየዓመቱ መጨረሻ 200,000 ብር የተጣራ ጥሬ ገንዘብ ያስገባል። ትልቁ 1,000,000 ብር ያስወጣል፣ በየዓመቱ 470,000 ብር ያስገባል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱም የሚሸጥ ነገር አይኖራቸውም፤ ግብርን ለጊዜው እንተወው። የካፒታል ወጪው፣ ማለትም ለሚውለው ገንዘብ በዓመት የሚከፈለው መጣኔ፣ 12 በመቶ ነው።

ፈተና ላይ ይህን የመሰለ ጥያቄ ሲመጣ ኤንፒቪ አስሉ፣ አይአርአር አስሉ፣ ከዚያ የትኛው እንደሚገዛ ምክር ስጡ ይላል። ስሌቱን ብዙ ተማሪ ይሠራዋል። ነጥብ የሚጠፋው ምክሩ ላይ ነው።

[ስክሪን፦ የአኑይቲ ሠንጠረዥ። የ3 ዓመት መስመርና የ12 በመቶ ዓምድ የሚገናኙበት ቦታ ተከቦ፦ 2.402]

ከኤንፒቪ እንጀምር፤ የተጣራ የአሁን ዋጋ ማለት ነው። በየዓመቱ የሚገባው ብር እኩል ስለሆነ ሦስቱን ዓመት አንድ በአንድ ወደ አሁን ዋጋ መመለስ አያስፈልግም። የአኑይቲ ሠንጠረዡ በየዓመቱ የሚገባ አንድ ብር ዛሬ በድምሩ ስንት እንደሚያወጣ ይነግረናል፤ በ12 በመቶ የሦስት ዓመቱ ቁጥር 2.402 ነው። ለትንሹ 200,000 በ2.402 ሲባዛ 480,400 ይሆናል፤ 400,000 ሲቀነስ 80,400 ብር ይተርፋል። ለትልቁ 470,000 በ2.402 ሲባዛ 1,128,940፤ አንድ ሚሊዮኑ ሲነሣ 128,940 ብር። በዚህ መለኪያ ትልቁ ይበልጣል።

አይአርአር ደግሞ ኤንፒቪን ዜሮ የሚያደርገው መጣኔ ነው። እዚህ አቋራጭ አለን፦ ወጪውን ለዓመታዊው ገቢ እናካፍል። ለትንሹ 400,000 ለ200,000 ሲካፈል 2.000 ነው። በዚያው የሦስት ዓመት መስመር ላይ ወደ ቀኝ ስንሄድ 23 በመቶ ሥር 2.011፣ 24 በመቶ ሥር 1.981 እናገኛለን። 2.000 በመካከላቸው ነው፤ መልሱ ወደ 23.4 በመቶ ይጠጋል። ለትልቁ አንድ ሚሊዮን ለ470,000 ሲካፈል 2.128 ይሆናል፤ ይህ ቁጥር በ19 እና በ20 በመቶ መካከል፣ 19.4 አካባቢ ይውላል። አሁን ደግሞ ትንሹ በለጠ።

[ስክሪን፦ ትንሹ — 80,400 ብር፣ 23.4%። ትልቁ — 128,940 ብር፣ 19.4%።]

ሁለቱም ከ12 በመቶ በላይ ስለሚያስገኙ እያንዳንዱ ለብቻው ቢቀርብ ኖሮ ሁለቱም መለኪያዎች «ይገዛ» ይሉ ነበር። ጠቡ የመጣው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ስለሆነ ነው።

ምክንያቱ መጠን ነው። አይአርአር በመቶኛ ስለሚናገር ምን ያህል ብር ላይ እንደተገኘ አይነግረንም። 23.4 በመቶው የተገኘው በ400,000 ብር ላይ ነው፤ 19.4ቱ ግን በአንድ ሚሊዮን ላይ። ባለቤቱ ደግሞ መቶኛ ይዞ ገበያ አይወጣም።

«ትንሹን ገዝቶ የተረፈውን 600,000 ብር ሌላ ቦታ ቢያውለውስ?» የሚል ሰው ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቋል። ዳቦ ቤቱ ያንን ብር በሌላ ቦታ የሚያውለው በ12 በመቶ ከሆነ የሚጨምረው ኤንፒቪ ዜሮ ነው፤ ለካፒታሉ የሚከፈለው ራሱ 12 በመቶ ነውና። ታዲያ መጠየቅ ያለበት፣ ትንሹን ትተን ትልቁን ስንገዛ የምንጨምረው 600,000 ብር ራሱን ችሎ ያዋጣል ወይ የሚለው ነው።

[ስክሪን፦ ትልቁ ሲቀነስ ትንሹ። ዓመት 0፦ −600,000። ዓመት 1፣ 2፣ 3፦ +270,000]

ትልቁን አስቀድመን ትንሹን እንቀንስ። ጭማሪው ወጪ 600,000፣ ጭማሪው ዓመታዊ ገቢ 270,000 ነው። ስናካፍለው 2.222። ሠንጠረዡ ላይ 16 በመቶ 2.246፣ 17 በመቶ 2.210 ነው፤ ስለዚህ የጭማሪው አይአርአር 16.65 በመቶ ገደማ ነው። ከ12 ይበልጣልና ትልቁ ይገዛል። በ12 በመቶ የጭማሪው ኤንፒቪ 48,540 ብር ነው፤ የትንሹ 80,400 ሲደመርበት የትልቁ 128,940 በትክክል ይመጣል። አይአርአር በዚህ መንገድ ሲሠራበት ከኤንፒቪ ጋር ይስማማል።

ስትቀንሱ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ትንሹ ሲቀነስ ትልቁ ካላችሁ መጀመሪያ +600,000፣ ከዚያ −270,000 በየዓመቱ ይመጣል። መጣኔው ያው 16.65 ነው፤ ትርጉሙ ግን ብድር እንደመውሰድ ስለሚሆን ደንቡ ይገለበጣል። ብዙዎች «ከ12 ይበልጣል፣ ስለዚህ ትንሹ» ብለው የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

[ስክሪን፦ ግራፍ። አግድም መጣኔ፣ ቁመት ኤንፒቪ። ሁለት ወደ ታች የሚወርዱ መስመሮች 16.65% ላይ ይቆራረጣሉ።]

የትልቁ መስመር ከፍ ብሎ ይጀምርና ቶሎ ይወርዳል። መስመሮቹ የሚቆራረጡት እዚያው 16.65 ላይ ነው። የካፒታል ወጪው 18 በመቶ ቢሆን ኖሮ፣ በ2.174 ስናባዛ፣ ትንሹ 34,800፣ ትልቁ 21,780 ብር ይሰጣሉ፤ ጠቡም ይቀራል። ስለዚህ ግጭቱ ያለው የካፒታል ወጪው ከመቆራረጫው በታች ሲሆን ብቻ ነው። ሁለት ፕሮጀክቶች እኩል ወጪ ኖሯቸው የአንዱ ገቢ ቶሎ፣ የሌላው ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነም ያው ቅነሳ ይሠራል፤ «አይአርአር ገቢው መልሶ በራሱ መጣኔ እንደሚውል ይገምታል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ሸምድዶ ከመጻፍ ይህን ማሳየት ይሻላል።

ሠንጠረዥ ካልተሰጣችሁና አይአርአርን በሁለት የመጣኔ ግምት ካሰላችሁ ግምቶቹን አቀራርቡ። የትንሹን በ10 እና በ30 በመቶ ብትሠሩ ኤንፒቪው ወደ 97,400 እና ወደ −36,800 ይሆናል፤ በቀጥታ መስመር ስታገናኟቸው 24.5 በመቶ ይወጣል። እውነተኛው 23.4 ነበር። ልዩነቱ የመጣው ኤንፒቪ ወደ ውስጥ የጎበጠ መስመር ሆኖ ሳለ እኛ ቀጥ አድርገን ስላሰመርነው ነው።

[ስክሪን፦ ኤክሴል። B2 ላይ −1000000፣ ከB3 እስከ B5 470000]

```
=NPV(12%,B3:B5)+B2
=IRR(B2:B5)
```

ኤክሴል ላይ የመጀመሪያው ቀመር 128,861 ይሰጣል፤ ከእኛ 128,940 ጋር ያለው ልዩነት ሠንጠረዡ ሦስት አሃዝ ላይ ስለሚቆርጥ ነው። B2ን ቅንፍ ውስጥ ካስገባችሁ ግን 115,054 ይመጣል። ቀመሩ የመጀመሪያውን ቁጥር የዓመት 1 አድርጎ ስለሚወስደው ዛሬ የሚከፈለውን ወጪ ሳይቀር በአንድ ዓመት ይቀንሰዋል። ለአይአርአር ደግሞ በተቃራኒው B2 ውስጥ መግባት አለበት።

[ስክሪን፦ «በጀት፦ 1,000,000 ብር ብቻ»]

ጥያቄው በጀቱ በአንድ ሚሊዮን የተገደበ ነው ካለ ንጽጽሩ በጥምረት ይሆናል። የተረፈው 600,000 ብር ለማከፋፈያ መኪና ውሎ 60,000 ብር ኤንፒቪ ቢያመጣ፣ ትንሹ መጋገሪያና መኪናው አብረው 140,400 ይሰጣሉ፤ ትልቁ ብቻውን ከሚሰጠው 128,940 ይበልጣል። ያኔ ትንሹ ይገዛል። ያስመረጠው ግን የኤንፒቪው ድምር እንጂ 23.4 በመቶው አይደለም፤ መኪናው 40,000 ብር ብቻ ቢያመጣ ኖሮ ድምሩ 120,400 ሆኖ ትልቁ ይመለስ ነበር።